ጭራው ከፎቶው ውጪ የቀረ ሸለምጥማጥ

ጅማ ዙሪያ ባሉ የቡና ጫካዎች ውስጥ ካሜራ እንሰቅላለን። እንስሳ ሲያልፍ ካሜራው በራሱ ያነሳል። ፎቶዎቹን እያዩ ስም መመዝገብ የእኔ ሥራ ነው።

አንድ ቀን ባልደረባዬ ጠራኝና "ይሄ ሸለምጥማጥ ነው፤ ዝርያውን ምን ልበል?" አለኝ። ፎቶው የሌሊት ነው፣ ጥቁርና ነጭ። ረጅም ሰውነት፣ አጭር እግር፣ ጎኑ ላይ ተለያይተው የተደረደሩ ነጠብጣቦች፣ ቀለበት ቀለበት ያለው ረጅም ጭራ። የጭራው ጫፍ ግን ከፎቶው ውጪ ቀርቷል።

ሸለምጥማጥነቱ አላከራከረንም። ጥርኝ ቢሆን ገዘፍ ይል ነበር፤ ዓይኑ ላይም ጭምብል የመሰለ ጥቁር ይታይ ነበር።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። አገራችን ውስጥ ከአንድ በላይ የሸለምጥማጥ ዝርያ አለ። Genetta genetta የጭራው ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ይላል፤ ጀርባው ላይም የሚቆም ረዘም ያለ ፀጉር አለው። Genetta maculata ግን ጫፉ ጠቆር ይላል፣ ያ የጀርባ ፀጉርም የለውም። የእኛ ፎቶ ላይ ጫፉ የለም፤ ጀርባው ደብዝዟል። ነጠብጣቡ ቡናማ ይሁን ጥቁር፣ የሌሊት ፎቶ ቀለም ስለማይዝ አይነግረንም።

"በቃ maculata በለው፣ ጎኑ ላይ cf. ጨምርበት" አለኝ ባልደረባዬ። እኔ አልተስማማሁም። cf. የሚጻፈው ወደዚያ ዝርያ የሚጎትት አንድ ምልክት ሲታይ ነው። እዚህ የሚጎትት ነገር አልነበረም። አለቃችን ደግሞ "በፐርሰንት አስቀምጡልኝ" አሉ። የጂነሱ፣ ማለትም የሸለምጥማጥነቱ፣ እርግጠኝነትና የዝርያው እርግጠኝነት ለየቅል ነው፤ አንድ ቁጥር ውስጥ ከተጨፈለቁ አንባቢው የትኛውን እንደሚያምን አያውቅም። ቁጥሩንም ቢሆን ከየት አመጣዋለሁ?

የዝርያው ሳጥን ውስጥ Genetta sp.፣ ማለትም ዝርያው ያልተለየ ሸለምጥማጥ፣ ብዬ ጻፍኩ። ማስታወሻው ላይ ደግሞ እንዲህ አልኩ፦ "ጂነሱ እርግጥ ነው፤ በሰውነቱ ቅርጽ፣ በነጠብጣቡና በባለቀለበት ጭራው። ሦስተኛውን ዝርያ Genetta abyssinica የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ የሚታየው ጎኑ ላይ ተለያይተው የተደረደሩ ነጠብጣቦች እንጂ ረጃጅም መስመሮች አይደሉም። ከቀሩት ሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከዚህ ፎቶ አይለይም፤ የጭራው ጫፍ ያስፈልጋል።" የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ሰው ይዘላታል። ለእኔ ግን ዋናዋ እሷ ናት፤ ቀጥሎ ምን እንደሚፈለግ የምትናገረው እሷ ብቻ ናት።

ካሜራውን ከዱካው ትንሽ ራቅ አድርገን እንስሳው በጎኑ እንዲያልፍ አዞርነው። ከሳምንታት በኋላ ሙሉ ጭራ ያለው ፎቶ መጣ፤ ጫፉ ጥቁር፣ ጀርባው ላይ የቆመ ፀጉር የለም። አዲሱን ፎቶ Genetta cf. maculata አልነው። ባልደረባዬ "እንግዲህ የድሮውንም ላስተካክለው?" አለ። አይሆንም አልኩት። ሌላ እንስሳ ሊሆን ይችላል።