ጨው መጨረሻ ላይ፦ የ120 ሰው ሽሮ በአንድ ድስት

ጅማ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ገብቼ የምግብ ዕቅድ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ በጣም ያደከመኝ ጨው ነው። ስኳር ላለበት ሰው እንጀራውን መጥኜ እሰጠዋለሁ። ጨው ግን አንዴ ድስት ውስጥ ከገባ ገባ ነው፣ ማንም አያወጣውም። ግፊት ላለባቸውና ልባቸው ለደከመ ሰዎች ሌላ ወጥ ይሠራ ቢባል ደግሞ እሳቱም ሰውም አይበቃም። ስለዚህ አሁን የምንሠራው በአንድ ድስት ነው፣ ጨው የሚገባው ግን ድስቱ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ሽሮን የመረጥኩት ረቡዕም አርብም ስለሚሄድ ነው። ሙስሊሙም ጾመኛውም ይበላዋል፣ በዘይት ከተሠራ ጥያቄ የለውም።

ለ120 ሰው የምንጠቀመው 6 ኪሎ ነጭ ሽሮ፣ 6 ኪሎ ሽንኩርት፣ 1.2 ሊትር ዘይት፣ 600 ግራም በርበሬና 25 ሊትር ገደማ ውሃ ነው። የቤቱን አሠራር በ24 አባዝታችሁ ብትሠሩት ወጡ ይቀጥናል። ትልቅ ድስት ከያዘው አንጻር የሚያተነው ትንሽ ነው፣ ሽንኩርቱም የራሱን ውሃ ያወጣል። ስለዚህ 2 ወይም 3 ሊትር ውሃ አስቀርታችሁ እያያችሁ ጨምሩ። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ አስገቡት፣ የፈላ ውሃ ላይ በደረቁ ከተነሰነሰ ይጓጉላል። ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ አትቸኩሉ። የጥሬው ሽታ ጠፍቶ ዘይቱ ከላይ ብቅ ሲል በስሏል ማለት ነው። እስከዚያ ሥሩን ማማሰል ነው፣ ካረረ ሽታው ድስቱን ሙሉ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ጨው። ድስቱ ሲበስል 32 ሊትር ገደማ ይወጣዋል። በሩብ ሊትር ጭልፋ ለ120 ሰው ይዳረሳል፣ ለድስቱ ሥርም ትንሽ ይተርፋል። ጠዋት ከነርሶች የመጣው ዝርዝር ላይ 30 ሰው ጨው የተከለከለ ነው እንበል። 8 ሊትር ወደ ትንሹ ድስት ይገለበጣል። ለቀሪዎቹ 90 ሰዎች 2 ግራም በነፍስ ወከፍ፣ 180 ግራም ጨው በሚዛን ይገባል። በምላስ አይደለም። አብሳዩ ቀኑን ሙሉ ሲቀምስ ምላሱ ጨው ይለምዳል፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ወጥ ሁልጊዜ ከጠዋቱ ይጨመርበታል።

«ታዲያ ትንሹ ድስት ጨው የለውም» ብላችሁ አትመኑ። ብዙ ሰው በርበሬ ሲያስፈጭ ጨው ይጨምርበታል፣ ምጥን ሽሮም እንዲሁ። ይህን ለዋና አብሳያችን ስነግራት፣ «አንተ ልጅ፣ ጨው የሌለው በርበሬ ደግሞ ምን ይባላል?» ብላ ሳቀችብኝ። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ለ10 ኪሎ በርበሬ 1 ኪሎ ጨው ከገባ፣ 5 ግራም በርበሬ ውስጥ ግማሽ ግራም የሚጠጋ ጨው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ገና ዳቦው ሳይቆጠር ከዚያ ላይ አንድ አስረኛው ሄዷል። አሁን ለወጥ ቤታችን ጨው ያልገባበት በርበሬ ለብቻው እናስፈጫለን፣ እንዳይነቅዝም በትንሽ በትንሹ። ለሽሮው ደግሞ ምጥኑን ትተን ነጩን ያዝን።

ጨው የሌለው ሽሮ አፍ ላይ ጣዕም ያጣል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ሕመምተኛው ካልበላው ደግሞ ሥራችን ከንቱ ነው። የረዳን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልን ከፊሉን ለመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ማስቀረት ነው። ኮረሪማና በሶብላም እዚያው ይገባሉ። ኮረሪማ እኛ ጋ በደንብ ይገኛል፣ ስለዚህ አልቆጥበውም። ሎሚ የሚጨመቀው ሲቀርብ፣ ሳህኑ ላይ ነው። አንዱ ጠያቂ ከቤት ወጥ ይዞ ከመጣ ግን ሁሉም ይፈርሳል፣ ስለዚህ አስታማሚዎችን ማናገርም ሥራችን ሆኗል።

አንድ ነገር አደራ። ገበያ ላይ የጨው ምትክ የሚባል ካያችሁ ሳትጠይቁ አታስገቡ። ብዙው ፖታሲየም ያለበት ነው፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አደገኛ ነው። ሽሮ ራሱ የጥራጥሬ ምግብ ስለሆነ ፖታሲየሙ ቀላል አይደለም። የኩላሊት ሕመምተኛ ከትንሹ ድስት ይበላል ብላችሁ አትገምቱ፣ የእሱን ሳህን የሚወስኑት ሐኪሙና የሥነ ምግብ ባለሙያው ናቸው።

ማቅረብ ላይ ትንሹ ድስት ቀድሞ ይወጣል፣ የራሱ ጭልፋ አለው። ሳህኖቹ ላይ የአልጋ ቁጥር እንለጥፋለን። ትምህርት ቤት የምትሠሩ ጓደኞቼ ይህ ሁሉ መክፈል ባያስፈልጋችሁም የሚዛኑ ነገር ለልጆችም ይሠራል።

አሁን የያዝኩት ዳቦውን ነው። ከዳቦ ቤት የሚመጣው ጨው አለበት። ዳቦ ጋጋሪው ጨው የቀነሰ ሊጥ ለብቻ ለማቡካት ቢያንስ የአንድ ኩንታል ትዕዛዝ ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ለ30 ሰው ነው የምንፈልገው። በዚህ ላይ መላ ያገኘ ካለ ይጻፍልኝ።