ከመጨረሻው ቃለ መጠይቅ በኋላ የላክኋት አጭር ኢሜይል

የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ሐሙስ ሰኔ 19 ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ድርጅት ለሂሳብ ሠራተኛነት ተወዳድሬ ለመጨረሻው ዙር ከቀረብነው አንዱ ሆኜ ነበር። ከክፍሉ ከመውጣቴ በፊት «ውጤቱ መቼ ይታወቃል? ለመጠየቅ ብፈልግስ ለማን ልጻፍ?» አልኩ። «እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ እናሳውቃለን፤ ጥሪውን ለላከችልህ ባልደረባችን ጻፍላት» አሉኝ። ያቺን ጥያቄ ባልጠይቅ ኖሮ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ በግምት ይሆን ነበር።

ዓርብ ሰኔ 27 መጣ፣ አለፈ። ስልኬ ዝም አለ። ቅዳሜ ማታ ተቀምጬ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ሥራውን ምን ያህል እንደምፈልገው፣ በቃለ መጠይቁ አንዱን ጥያቄ አሳጥሬ እንደመለስኩ፣ ዓርብ እንደሚያሳውቁኝ ቃል እንደገቡልኝ፣ አልፌ እንደሆነ ብቻ እንዲነግሩኝ። ከመላኬ በፊት ለታላቅ እህቴ አሳየኋት። እሷ በሌላ መሥሪያ ቤት በሰው ሀብት ክፍል ስለምትሠራ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የምትቀበለው ራሷ ናት።

«ይህን ሳነብ ምን እንደምመልስልህ አላውቅም» አለችኝ። «አለፍክ ወይስ አላለፍክም የሚለውን እኔ መናገር አልችልም፤ ውሳኔው ኃላፊው ጋር ፊርማ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ብትጠይቀኝ ግን ጠይቄ እነግርሃለሁ።» «ቃል ገብታችሁልኝ ነበር» የሚለውን ደግሞ በጣቷ እያሳየች ወቀሳ ነው አለች። ሰውን የሚያስጨንቀው መጠየቁ ሳይሆን፣ ሊመልሰው የማይችለውን መጠየቁና ወቀሳው እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ወዲያው እንዳልልክም መከረችኝ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው፤ በዚያ ሰሞን የሂሳብ ኃላፊ ቀና የሚልበት ጊዜ የለውም። የሥራ መደቡ ደግሞ የሂሳብ ነው። ስለዚህ ዓርብን ተከትሎ ወዲያው ሰኞ ከመጻፍ መዝጊያው እስኪያልፍ ታግሼ ረቡዕ ሐምሌ 2፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ላክሁ። አዲስ ኢሜይል አልከፈትኩም፤ የቃለ መጠይቁ ጥሪ ለመጣበት ለዚያው ኢሜይል መልስ አድርጌ ነው የላክሁት። የሥራ መደቡ ስምም ሆነ የቃለ መጠይቁ ቀን እዚያው ከሥር ስላለ ፈልጊ አላልኳትም። ጥሪው በአማርኛ ስለነበር እኔም በአማርኛ ጻፍኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ፣

ሰኔ 19 ለሂሳብ ሠራተኛ መደብ ቃለ መጠይቅ ስላደረጋችሁልኝ አመሰግናለሁ። ውጤቱ እስከ ሰኔ 27 ገደማ እንደሚታወቅ ተነግሮኝ ነበር፤ ወቅቱ የበጀት መዝጊያ በመሆኑ ሊዘገይ እንደሚችል እረዳለሁ። ውሳኔው በግምት መቼ እንደሚታወቅ ቢገልጹልኝ ደስ ይለኛል። አሁን ባለሁበት መሥሪያ ቤት የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ስለሚጠበቅብኝ ጊዜውን ማወቄ ለዝግጅት ይረዳኛል። የሚያስፈልግ ተጨማሪ ማስረጃ ካለ ወዲያው አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር»

ከታች ስሜና ስልክ ቁጥሬ ብቻ። ስለ 30 ቀኑ የጻፍኩት ለማስፈራሪያ አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የሚጠይቀው ነው። እውነተኛ ምክንያት ስለሆነ ጥያቄዬ ከጭንቀት የመጣ አልመሰለም። «ሌላ ቦታም እየጠበቁኝ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን አላስገባሁም፤ ውሸት ነበርና፣ «እንግዲያው ሂድ» ቢሉኝ ምን ልል ነበር?

ከጠያቂዎቹ የአንዱ የቴሌግራም አድራሻ እጄ ላይ ነበር፤ አልነካሁትም። ጻፍላት የተባልኩት አንድ ሰው ናት፤ በጎን ሌላውን ብጠይቅ እሷንም ዘልያት፣ እሱንም በማያገባው አስገብቼው ነበር።

መልሱ በዚያው ቀን 9 ሰዓት ላይ መጣ። ሁለት መስመር ናት፦ የአዲሱ ዓመት በጀት እስኪጸድቅ ውሳኔው እንደዘገየ፣ እስከ ሐምሌ 18 ግን እንደሚያሳውቁኝ። «አመሰግናለሁ፣ እጠብቃለሁ» ብዬ መለስኩና ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ቀኑ ቢያልፍ ኖሮ ጥቂት የሥራ ቀናት ቆይቼ አንዴ ብቻ፣ በሁለት መስመር ልጠይቅ፣ ከዚያ ወዲያ ፊቴን ወደ ሌላ ማመልከቻ ላዞር ከእህቴ ጋር ተነጋግረን ነበር።

ረቡዕ ሐምሌ 16 ተደወለልኝ፤ ተመርጠሃል አሉኝ። የቅጥር ደብዳቤውን በእጄ እስክይዝ ድረስ ለአለቃዬ ትንፍሽ አላልኩም። ዓርብ ደብዳቤውን ተቀበልኩ፤ ሰኞ ጠዋት የመልቀቂያ ማመልከቻዬን አስገባሁና 30 ቀኑ መቁጠር ጀመረ።