ከመስኮቱ አንድ እርምጃ

ቤት ውስጥ የሰው ፊት በስልክ ፎቶ ከማንሳቴ በፊት አምፖሉን አጠፋለሁ። በመስኮት የሚገባው የቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የቤቱ አምፖል ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫ። ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ሲገናኙ አንደኛው ጉንጭ የታመመ ይመስላል፤ ስልኩ አንዱን ሲያርም ሌላውን ያበላሻል።

ወደ ምሥራቅ በሚያይ ሳሎን ጠዋት የፀሐይዋ ጨረር በቀጥታ ይገባል። እሱ ፊት ላይ ሲያርፍ የአፍንጫ ጥላ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፣ ዓይንም ይጠባል። እስኪያልፍ መጠበቅ ካልተቻለ ነጭ ነጠላ መስኮቱ ላይ መዘርጋት ነው። ነጠላው ጨረሩን ይበትነውና ራሱ ሰፊ የብርሃን ምንጭ ይሆናል። ጋቢ ግን አይሆንም፤ ወፍራም ስለሆነ ብርሃኑን ያፍነዋል።

ዋናው ነገር የወንበሩ ቦታ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ላለው መስኮት ወንበሩን ከመስኮቱ አንድ ትልቅ እርምጃ አርቃለሁ፤ ተነሺዋ የመስኮቱን ጠርዝ ትንሽ አልፋ ትቀመጣለች፣ እኔ በሌላኛው ጠርዝ በኩል እቆማለሁ። እንዲህ ሲሆን ብርሃኑ ከፊትና ከጎን መካከል ይመጣል። ከዚያ ፊቷን ቀስ እያለች ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ከመስኮቱ በራቀው ዓይን ሥር ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን ስትታይ «እዚህ ላይ ይቆዩ» እላለሁ። በዚያኛው ዓይን ውስጥ የመስኮቱ ነጸብራቅ ከሌለ ገና አልዞረችም ማለት ነው፤ ዓይኑ የሞተ ሆኖ ይወጣል።

ወደ መስኮቱ ግማሽ ሜትር ከተጠጋች የቅርቡ ጉንጭ ይነጣል፣ የሩቁ ይጠቁራል፤ ብርሃን ከምንጩ አጠገብ ቶሎ ይደክማልና። ሦስት ሜትር ከራቀች ደግሞ መስኮቱ ለፊቷ ትንሽ ምንጭ ይሆናል፣ ጥላው ይጠነክራል፣ ስልኩም ብርሃን ስለሚያጥረው ምስሉ ይደበዝዛል። መስኮቱ እስከ ወለል የሚወርድ ከሆነ ከአገጭ በታች ያለውን ክፍል በጨርቅ እሸፍናለሁ፤ ከታች የሚመጣ ብርሃን ማንንም አያሳምርም።

የጥላው ጎን ከበዛ ነጭ አንሶላ በሌላ ወንበር መደገፊያ ላይ አንጠልጥዬ ግማሽ ሜትር ድረስ አስጠጋዋለሁ፣ ከፎቶው ክልል ውጭ። አረንጓዴ ወይም ሮዝ የተቀባ ግድግዳ አጠገብ ከሆነች ይህ ግዴታ ነው፤ ግድግዳው ቀለሙን ጉንጯ ላይ ይደፋል።

በመጨረሻ ስልኩ ላይ ብርሃን ያረፈበትን ጉንጭ ተጭኜ እይዛለሁ፣ ከዚያ ብሩህነቱን ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ። ጠቆር ያለ ፊት ምስሉን ሲሞላው ስልኩ ጨለማ መስሎት ከልክ በላይ ያበራዋል፤ ግንባሩ ላይ ዝርዝር የሌለው ነጭ ነጠብጣብ ከታየ ምልክቱ እሱ ነው። ግንባሩን በሶፍት መታ መታ ማድረግ ይረዳል፣ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ግን አልወድም። የጠይም ፊት ቅርጽ የሚነበበው በዚያ ወዝ ነው።