በተላጨ ፊት ላይ ጺም ማብቀል፦ ሁለት ጊዜ የሠራሁት ፖስተር

ፎቶው ለቲያትር ፖስተር የተነሳ ነው። ተዋናዩ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፤ የሚጫወተው ሰው ግን የዐሥር ቀን ያህል ጺም ያለው ነው። ብርሃኑ ከፎቶው ግራ በኩል ካለ መስኮት ይገባል፣ ቆዳው ጠይም ነው፣ የራስ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ ነው። በፎቶሾፕ ሁለት ጊዜ ሠራሁት፤ የመጀመሪያውን ጣልኩት።

የተጣለው ከኢንተርኔት በወረደ የጺም ብሩሽ የተሠራ ነበር። ብሩሹ የተቀረጸው ከለስላሳ ረጃጅም ፀጉር ስለሆነ ከርዳዳ ራስ ሥር ቀጥ ያለ ጺም በቀለ። ቀለሙን ድፍን ጥቁር አደረግሁት፣ ግራውን ሠርቼም ወደ ቀኝ ገለበጥኩት። ውጤቱ በማስቲሽ የተለጠፈ ይመስል ነበር። ስህተቶቹን አንድ በአንድ ሳያቸው ሁሉም ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው፦ ፎቶው ራሱ የሚነግረኝን ሳላይ መሳል መጀመሬ።

ሁለተኛውን በልኬት ጀመርኩ። የአዋቂ ሰው ሁለት የዓይን ብሌኖች መሃል ለመሃል በአማካይ 63 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ። በ Ruler Tool ስለካው በዚህ ፎቶ ላይ 630 ፒክስል ሆነ፤ ስለዚህ አንድ ሚሊሜትር 10 ፒክስል ነው ማለት ነው። የጺም ፀጉር ውፍረት ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ የብሩሹ መጠን ከ1 እስከ 1.5 ፒክስል፣ ቢበዛ 2 መሆን አለበት። ያ የተጣለው ሥራ በ5 ፒክስል የተሳለ ነበር፤ ሽቦ የመሰለው ለዚህ ነው። ርዝመቱም በዚሁ ይወጣል። ጺም በቀን ወደ 0.4 ሚሊሜትር ያድጋል፣ በዐሥር ቀን 4 ሚሊሜትር፣ ማለትም 40 ፒክስል። ከርዳዳ ስለሆነ ግን ተጠቅልሎ የሚታየው 25 ፒክስል ገደማ ነው።

ቀጥሎ ጺሙ የት የት እንደሚበቅል ማወቅ ነበረብኝ። የተላጨ ፊት ባዶ ይመስላል እንጂ ካርታው ቆዳው ላይ አለ። Channels ውስጥ ገብቼ Red የሚለውን ብቻ አበራሁ። በዚህ ቻነል ቆዳ ፈካ ይላል፣ ብጉርና ቅላት ይደበዝዛል፣ የተቆረጠው ፀጉር ሥር ግን ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ለጊዜው Curves ጨምሬ ንፅፅሩን ሳጎላ አገጩ ላይ ነጥቦቹ ሰፈሩ። በ100 በ100 ፒክስል ካሬ፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር፣ አገጩ ላይ 45 ነጥብ፣ የጉንጩ የላይ ጠርዝ ላይ 14 ቆጠርኩ። ከታችኛው ከንፈር ግራና ቀኝ ባዶ የሆኑ ሁለት ቦታዎች ተገኙ፤ ከአፍንጫ ሥር ያለችው ጎድጓዳ መስመርም ሳሳ ያለች ናት። የሌላ ሰው ፊት ላይ ይህ ሁሉ ይለያያል፤ ስለዚህ ከልማድ መሳል አይሠራም።

አቅጣጫውን ለማየት ወደ 200% ዙም አደረግሁ። ምላጩ በደንብ ያልነካቸው ቦታዎች ላይ ነጥቡ ትንሽ ሰረዝ ይሆናል፣ ሰረዙ ወዴት እንዳዘነበለ ይታያል። በጆሮው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጉንጩ ላይ ወደ ታችና ትንሽ ወደ አገጭ ያጋድላል። ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለው ከመሃል ተነስቶ ወደ ሁለቱ የአፍ ጫፎች ይከፈላል። አስቸጋሪው አንገት ነው። እዚህ ሰው ላይ ከአንገቱ ሥር ያለው ፀጉር ወደ ላይ ነው የሚያድገው፣ ከመንጋጋ ከሚወርደው ጋር መሃል ላይ ይገናኛል። እዚያ ሁሉንም ወደ ታች ብስለው ኖሮ አንገቱ ጠጉራም ጨርቅ የለበሰ ይመስል ነበር። አቅጣጫዎቹን በአንድ ሌየር ላይ በቀይ ቀስቶች ምልክት አድርጌ፣ ስስል ከጎን አበራው ነበር።

ወደ ስዕሉ ስመጣ፣ ፀጉሩ ከርዳዳ ስለሆነ ቀስቱን የሚከተለው ሥሩ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ጭረት ከነጥቡ ጀምሬ የመጀመሪያዎቹን 8 ፒክስል ያህል በቀስቱ አቅጣጫ እወስዳለሁ፣ ከዚያ እንደ ቀለበት ግማሽ ጠምዘዝ አደርገዋለሁ፤ አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ። Shape Dynamics ውስጥ Control ን Pen Pressure ላይ፣ Minimum Diameter ን 0% ላይ ማድረግ ጫፉን ያቀጥነዋል። ታብሌት የሌለው Fade የሚለውን ይምረጥ። ቀለሙን ከራሱ ቅንድብ ወሰድኩ፤ ድፍን ጥቁር አይደለም፣ ጥላ ውስጥ #1c1613፣ መካከለኛው #2e241f፣ መስኮቱ በሚያበራው ጎን ጥቂት ፀጉሮች #5a4a40። የመጨረሻው ቀለም ከዐሥር አንድ ካለፈ ጺሙ ይሸብታል።

ጥላው ከፀጉሩ በላይ ጊዜ ወሰደብኝ፣ ሊወስድም ይገባል። መጀመሪያ የቆዳውን ወዝ ማጥፋት ያስፈልጋል። የተላጨ አገጭ መስኮቱን አንጸባርቆ ያብለጨልጫል፣ ጺም ያለው ግን አያብለጨልጭም። ያንን ካልነካችሁት ፀጉሩ በመስታወት ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ከፀጉሩ ሥር በ Darken ሌየር፣ ከአካባቢው በተወሰደ መካከለኛ የቆዳ ቀለም፣ በ30% ሸፈንኩት። ከዚያ በ Multiply ሌየር ጺሙ የሚሸፍነውን ቦታ በሙሉ በ18% አጨለምኩ፣ ጠርዙን በ Gaussian Blur 8 ፒክስል አለሰለስኩት። እዚህ ላይ የጥላው ቀለም ከአፍንጫው ጎን ካለው ከራሱ ጥላ መወሰድ አለበት። ግራጫ ብትጠቀሙ ጠይም ቆዳ አመድ የተነፋበት ይሆናል፤ ብዙ የእኛ ሰው ፎቶ የሚበላሸው በዚህች ነው።

የየፀጉሩ ጥላ ደግሞ ሌላ ነው። የፀጉሩን ሌየር አባዝቼ ጥቁር ቡናማ ሞላሁት፣ ከፀጉሩ ሥር አድርጌ 2 ፒክስል ወደ ቀኝ፣ 3 ወደ ታች ገፋሁት፣ 1.5 ፒክስል አደበዘዝኩት፣ Multiply 30%። ብርሃን ከግራ ስለሆነ ወደ ቀኝ ነው። በጨለማው ጉንጭ ላይ ግን ቀጥተኛ ብርሃን ስለማይደርስ ይህን ጥላ በማስክ አጠፋሁት። ገልብጦ ማባዛት የማያዋጣውም ለዚህ ነው፤ ጥላውና ፈካ ያለው ፀጉር አብረው ይገለበጣሉ።

ሁሉም አልቆ 100% ላይ ሳየው ጺሙ ከዓይኑም በላይ ጥርት ያለ ሆነ። ሌንሱ ያተኮረው ዓይን ላይ ነው፣ ጆሮው አጠገብ ያለው ቆዳ ደብዝዟል። ስለዚህ አገጩ ላይ 0.4፣ ጆሮው ዘንድ እስከ 1.2 ፒክስል አደበዘዝኩ፣ ከዚያም የፎቶውን ቅንጣት እስኪመስል Add Noise ጨመርኩ፤ 2% በቂ ነበር። ቅደም ተከተሉን ካገላበጣችሁ ቅንጣቱም አብሮ ይደበዝዛል።

የዓይን ብሌኖቹ ርቀት ከ120 ፒክስል በታች በሆነ ትንሽ ፎቶ ላይ ይህን ዘዴ አትሞክሩት። አንድ ፀጉር ያኔ የፒክስል ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ የምትስሉት ጭረት ሁሉ ከልኩ በላይ ወፍራም ይሆናል። እዚያ የሚሠራው የ Multiply ጥላውና ቅንጣቱ ብቻ ነው፣ ፀጉር የሚታየው አገጩ ጠርዝ ላይ ከበስተጀርባው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው።