ውል ሳፈርስ ስንቅ ተቋጠረልኝ

የባልትና ደንበኛ ያለው ዲዛይነር አይራብም። ችግሩ፣ እምቢ የሚልበት አፍም አይኖረውም።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ብሎካችን ግራውንድ ላይ ባልትና ያላቸው እትዬ ሥራ ሲሰጡኝ ስምምነታችን አጭር ነበር። ሎጎ 6 ሺህ ብር። የበርበሬ፣ የሽሮና የምጥን ሌብል እያንዳንዳቸው 3 ሺህ። የሱቁ ባነር 3 ሺህ። ድምሩ 18 ሺህ፣ ግማሹ ቀብድ፣ ማስተካከያ ሁለት ዙር ብቻ። ቴሌግራም ላይ ጻፍኩላቸው፤ "እሺ ልጄ" አሉ። ቀብዱንም ወዲያው ላኩ።

ከዚያ "ትንሽ ነገር" መጣ።

"ይቺን የኪሎውን ለሩብ ኪሎ አሳንሳት፤ ምን አላት?" ያላት ነገርማ ብዙ ነው። የኪሎውን ሌብል እንዳለ ብታሳንሱት የተሠራበት ነገርና የአገልግሎት ማብቂያው ቀን በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አይነበብም። ባርኮዱንም ማሽኑ እምቢ ሊል ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉ ከአዲስ ይደረደራል፤ አዲስ ሌብል ነው ማለት ነው። ግን እትዬ ይህን ሲጠይቁ ትኩስ ቆሎ እጄ ላይ እያፈሰሱ ነው። እየቆረጠሙ ስለ ዋጋ ማውራት ደግሞ ይከብዳል።

ቀጥሎ ለገላን ደንበኞቻቸው በአፋን ኦሮሞ ይሠራ አሉ። ቀጥሎ የእህታቸው ልጅ የሠርግ ጥሪ ካርድ መጣ። በመጨረሻ የእድሩ ባነር። እድርን እንዴት እምቢ ይሏል? ነገ የሚቀብረኝ እሱ ነው። የምጥኑ ሌብል፣ ማለትም የተዋዋልንበት ሥራ፣ እስከዚያ አልተነካም። ሌሎች ደንበኞቼም መቆጣት ጀምረዋል።

ስለዚህ በትህትና ልሰናበት ብዬ ጻፍኩ፦ "እትዬ፣ እስካሁን ላደረጉልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዚህ በኋላ ግን አብሬዎት መቀጠል አልችልም። ከወሩ መጨረሻ በኋላ አያገኙኝም። መልካሙን ሁሉ እመኝልዎታለሁ።"

አምሮበት ነበር። ሳነበው እኔንም አሳዘነኝ።

ማታ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ የሱቋ ልጅ ደግሞ ፌስታል ተሸክማ ቆመዋል።

"ሳትነግረኝ? ካናዳ ነው?"

"ኧረ እትዬ..."

"ዝም በል! ይኸው በርበሬ፣ ይኸው ሽሮ፣ ይኸው ድርቆሽ። ብርድ ነው አሉ አገሩ።"

አገላብጠው ሳሙኝና ወረዱ። አንዲት ቃል ጣልቃ ማስገባት አልቻልኩም። በማግስቱ የግቢው ጥበቃ "እንኳን ደስ አለህ" አለኝ። የማላውቃቸው ጎረቤት ደግሞ ለልጃቸው ጫማ እንዳደርስላቸው ለመኑኝ።

ሁለተኛውን መልእክት ስጽፍ ቅኔውን ተውኩት። እንዲህ ነበር የሚለው፦

"እትዬ፣ የትም አልሄድም። የማቆመው ሥራውን ነው፤ ከውላችን ውጭ የመጣውን ለመሥራት ጊዜ ስለሌለኝ። ከውሉ ያለቀው ሎጎው፣ ባነሩ፣ የበርበሬና የሽሮው ሌብል ነው፤ 15 ሺህ ብር ይሆናል። 9 ሺህ ከፍለዋል፤ ቀሪው 6 ሺህ ነው። ምጥኑ ስላልተሠራ አላስከፍልም። የእድሩን ባነርና የሠርጉን ካርድም በቅድሚያ በዋጋ ስላልተነጋገርንበት አልጠይቅም። ክፍያው እንደገባ ለማተሚያ ቤት የሚሆነውን ፒዲኤፍና ሌላ ዲዛይነር ከፍቶ የሚያስተካክለውን ዋና ፋይል እልካለሁ። እስከ ዓርብ የሕትመት ችግር ቢገጥም አለሁ። የሩብ ኪሎውንና የኦሮምኛውን የሚቀጥል ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሌብል 3 ሺህ ይጠይቃል።"

ስለ ፒዲኤፉ አንድ ነገር ልበል። ፊደሎቹን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ ወይም ፎንቱን ፒዲኤፉ ውስጥ አካትታችሁ ካልላካችሁ፣ ማተሚያ ቤቱ የተጠቀማችሁበት የግዕዝ ፎንት ከሌለው "በርበሬ" የሚለው አራት ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ስልክ የሚደወለው ለእናንተ ነው፤ ውል ፈረሰ አልፈረሰ።

እትዬ ረጅም የድምፅ መልእክት መለሱ። ቁጣ ስጠብቅ እየሳቁ ነው። "ውይ! ለካ እያንዳንዷ ዋጋ አላት? ታዲያ ምን ያዘህ ያኔ ብትለኝ? ሩብ ኪሎውን ተወው፤ እኔ በላስቲክ አስሬ እሸጣለሁ። ኦሮምኛውን ግን ልጁ ይሥራው፤ ቁጥሩን ላክልኝ።"

ቁጥሩን ላክሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቴሌብር ጮኸ፤ 3,400 ብር። 2,600 ጎድሏል ብዬ ልጽፍ ስል የራሳቸው መልእክት ቀደመኝ፦

"በርበሬ 2 ኪሎ፣ ሽሮ 1 ኪሎ፣ ድርቆሽ 1 ኪሎ። ካናዳ ስለማትሄድ ተቀንሷል።"

ፋይሉን ላክሁላቸው። ድርቆሹ ግን ግሩም ነው።