ከጋዛሊ ፀሐይ እስከ አኩዊናስ በትር፦ የተቸከልኩበት ቦታ

የአምላክን መኖር በሎጂክ ለማስረዳት የቀረቡትን መከራከሪያዎች ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ከዚራ ያለው በርጫችን ሰላም አጥቷል። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

አንሴልምን ቶሎ ነው ያለፍኩት። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ይህ መነኩሴ እንዲህ ይላል፦ አምላክ ማለት ከእርሱ የሚበልጥ ሊታሰብ የማይችል ነው፤ በሐሳብ ብቻ ካለው ደግሞ በእውንም ያለው ይበልጣል፤ ስለዚህ አምላክ በሐሳብ ብቻ ሊቀር አይችልም። ጋውኒሎ የሚባል ሌላ መነኩሴ «እንዲያማ ከሆነ ከደሴቶች ሁሉ የምትበልጥ ደሴትም የግድ አለች» ብሎ መለሰለት። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1781 እ.ኤ.አ. መኖር እንደ ቀለም ወይም እንደ መጠን በአንድ ነገር ላይ የሚጨመር ባሕርይ አይደለም አለ። ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ።

የቸከለኝ ሙስሊሙ ሊቅ ጋዛሊ ነው። መኖር የጀመረ ሁሉ አስጀማሪ አለው፤ ዓለም መኖር ጀምራለች፤ ስለዚህ አስጀማሪ አላት። «አምላክንስ ማን ፈጠረው?» የሚል ሰው የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር አላነበበም፤ የሚለው «መኖር የጀመረ» ነው። ጭቅጭቁ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ጋዛሊ ያለፈው ጊዜ ማለቂያ የለውም ለሚሉት እንዲህ ይላል፦ ፀሐይ በዓመት አንዴ ትዞራለች፣ ሳተርን በ30 ዓመት አንዴ። የፀሐይ ዙር 30 እጥፍ መሆን አለበት፤ ግን ሁለቱም ማለቂያ ከሌላቸው እንዴት አንዱ ከሌላው ይበልጣል? ያምራል። ችግሩ ከሒሳብ ሊቁ ካንቶር በኋላ ሒሳብ ሁለቱን አንድ ለአንድ ማጣመር መቻሉ ነው፤ ይገርማል እንጂ እርስ በርሱ አይጋጭም።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የካቶሊክ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ግን ሌላ መንገድ ይዟል። ዓለም መጀመሪያ እንዳላት በአእምሮ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም ብሎ ያምናል። አያት ቢሞትም አባት ልጅ ይወልዳል፤ እንዲህ ያለው ሰንሰለት ወደ ኋላ ማለቂያ ባይኖረው ግድ የለውም። እጅ በትርን፣ በትር ድንጋይን ሲገፋ ግን እጁ ካቆመ ሁሉም ይቆማል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰንሰለት የመጀመሪያ አንቀሳቃሽ ያስፈልገዋል፣ እርሱም አምላክ ነው ይላል።

ይህን በፉርጎ አስረዳሁ፦ ፉርጎ ፉርጎን ይጎትታል፣ ሎኮሞቲቭ ከሌለ ግን ማለቂያ የሌለው ፉርጎም ንቅንቅ አይልም። ምድር ባቡር ይሠሩ የነበሩ አንድ አባት ሳቁ። «ልጄ፣ ሜዳ ላይ ተገፍቶ የተለቀቀ ፉርጎ አይተህ አታውቅም። አንዴ ከተንቀሳቀሰ ማን ይጎትተዋል?»

አቦ! ይኸው ነው ዋናው ተቃውሞ። ከኒውተን ወዲህ የሚንቀሳቀስ ነገር መንቀሳቀሱን ለመቀጠል ገፊ አይፈልግም። የአኩዊናስ ደጋፊዎች መልስ «ጥያቄው ስለ እንቅስቃሴ ሳይሆን ነገሮችን አሁን፣ በዚች ቅጽበት በመኖር ስለሚያቆያቸው ነው» የሚል ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «መኖርም እንደ እንቅስቃሴ አንዴ ከተጀመረ በራሱ ቢቀጥልስ?» ይላሉ። መጽሐፍ የምትመርጡ ከሆነ ይህን ጥያቄ ሳይነካ ስለ መጀመሪያው አንቀሳቃሽ የሚያወራውን ዝለሉት። እኔ በልቤ ወደ አኩዊናስ አደላለሁ፤ ማድላቴ ግን ክርክር አይሆንም፣ ለአባታችንም እስካሁን የሚያጠግብ መልስ አልሰጠሁም።