ዛሬ ማታ የትኛው ፍርሃት?

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እየዘነበ ነው። የጅማ ዝናብ ነው እንግዲህ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው የማያሰማህ። ቡናው በረካ ላይ ደርሶ ሳለ ትንሿ «ዛሬ የሚያስፈራ ፊልም እንይ» አለች። «ምን ዓይነት ፍርሃት?» ብዬ መጠየቄ ነው ጥፋቱ።

ጥያቄው ግን ቀልድ አልነበረም። ሆረር የሚለው ስም ሥር ቢያንስ ሦስት የማይገናኙ ነገሮች ተጨናንቀዋል፦ ልብ አንጠልጣዩ፣ አስበርጋጊውና ዘግናኙ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በአንድ የቦምብ ምሳሌ ለይቷቸዋል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ሲያወሩ ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለ15 ሴኮንድ ይደነግጣል። ቦምቡ ከጠረጴዛው ሥር እንዳለ አስቀድሞ ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀዋል። ዘግናኙ ከሁለቱም ይለያል፤ እሱ ልብን ትቶ ሆድን ነው የሚይዘው።

እኛ ቤት ልብ አንጠልጣዩ ይወደዳል፤ ችግሩ ቆርቆሮው ነው። ይህ ዓይነት ፊልም የሚሠራው በትንንሽ ድምፅ ነው፤ በወለል ሲጥሲጥታ፣ በትንፋሽ፣ በዝምታ። ዝናቡ ይህን ሁሉ ይበላዋል። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ድምፁን ይጨምራል። ከዚያ ለሹክሹክታው ሲባል በተጨመረው ድምፅ ላይ በሩ ድው ሲል ስኒ ይገለበጣል። ልብ አንጠልጣይ መርጠህ አስበርጋጊ አየህ ማለት ነው፤ ጥፋቱም የፊልሙ አይደለም። በእንዲህ ያለ ምሽት ወይ ጆሮ ማዳመጫ ማድረግ፣ ወይ ፍርሃቱ በጆሮ ሳይሆን በዓይን የሚመጣውን መምረጥ ነው።

በርዕስ መምረጥም ያሳስታል። በ1974 የወጣውን «ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶ ማሳከር» ስሙን የሰማ ሁሉ በደም የታጠበ ፊልም ይጠብቃል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ደም ግን ከስሙ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው፤ የሚያደክመው የማያባራው ጩኸትና ሩጫ ነው። ደም ፈልጎ የገባ ተበሳጭቶ ይወጣል፤ ደም ፈርቶ የቀረም ያለ ምክንያት ነው የቀረው።

ስለዚህ የፊልም መረጃ በሚገኝበት IMDb ድረ ገጽ ላይ Parents Guide የሚለውን መክፈት ይሻላል። ለወላጆች ተብሎ ቢዘጋጅም ለእኛ ለፈሪዎችም ይሆናል። Violence & Gore እና Frightening & Intense Scenes ለየብቻ ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ የመጀመሪያው ለጭካኔውና ለደሙ፣ ሁለተኛው ለአስፈሪነቱ። ቁም ነገሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ላይ ነው። የመጀመሪያው Mild፣ ማለትም ቀላል፣ ሆኖ ሁለተኛው Severe፣ ማለትም ከባድ፣ ከሆነ ደም ሳይበዛበት የሚያስፈራ ነው። ሁለቱም Severe ከሆኑ እራት ሳይበሉ ማየት ነው። ደረጃው የተመልካቾች ድምፅ ስለሆነ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ከሥሩ የተጻፈውን ማየት ያስፈልጋል። አስበርጋጊውን ከልብ አንጠልጣዩ የሚለየውም እዚያ ነው፤ jump scare የሚለው ቃል ከተደጋገመ ታውቋል። ጽሑፉ ታሪኩን ስለሚያወጣ ከቤቱ አንድ ሰው አንብቦ ዝም ይበል።

ለምሳሌ ከቤታችን አንዱን እንውሰድ፤ ጅብ የማይፈራውን፣ ደም ሲያይ ግን ላብ የሚያጠምቀውን። በፍርሃቱ ይስቁበታል እንጂ ነገሩ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ተራ ፍርሃት የልብ ምትን ያፈጥናል። አንዳንድ ሰው ደም ሲያይ ግን ምቱ መጀመሪያ ይጨምርና የደም ግፊቱም ምቱም በድንገት ይወርዳሉ፤ ፊቱ አመድ ይመስላል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ከዚያ መውደቅ ነው። ለእሱ Violence & Gore ላይ None ወይም Mild ያለው ብቻ ነው የሚሆነው፤ ሌላኛው Severe ቢሆን ግድ የለውም። ድንገት ደም ከመጣበት ደግሞ የእጁን፣ የእግሩንና የሆዱን ጡንቻ ፊቱ ሙቀት እስኪሰማው፣ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ጥብቅ ያድርግ፤ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ላላ ብሎ ይድገመው። ግፊቱን ከፍ የሚያደርገው ይኸው ነው። «አይዞህ፣ ተረጋጋ፣ ዘና በል» ማለት ለእሱ አይሠራም፤ ግፊቱ እየወረደ ያለን ሰው ዘና በል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ ትንሿ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች። ፊልሙ አልተመረጠም። ዝናቡም አባርቷል፤ ጅብ በቅርብ ይጮኻል፣ የግቢው በር ደግሞ አልተቆለፈም። ዘግናኙንም አስበርጋጊውንም ዓይኔን ሳላሽ የማየው ሰውዬ ቁልፉን ይዤ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ። እሱን ልቀስቅሰው ይሆን?